ባለ አምስቷ ካርታ ለምን ሰባት ሆነች?

ባለ አምስት ልቧን ካርታ ለአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ስጧትና "ስንት ልብ አለ? ቁጠሪልኝ" በሏት። "ሰባት" ብትላችሁ አትደንግጡ። "ተሳሳትሽ" ከማለታችሁ በፊት ካርታዋን ራሳችሁ ደህና አድርጋችሁ እዩዋት። መሃል ላይ አምስት ትልልቅ ልቦች አሉ። ከላይ ጥጉ ላይ፣ ከቁጥሩ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ልብ አለች። ከታች በሌላው ጥግ ደግሞ ተገልብጣ የተሳለች ሌላ ትንሽ ልብ አለች። አምስትና ሁለት ሰባት። ልጅቷ አንዷንም አልዘለለችም፣ አንዷንም ደግማ አልቆጠረችም።

እኔ ኬጂ አስተምራለሁ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ስናፕንና ጎ ፊሽን ከትናንሽ ልጆች ጋር ስጫወት ቆይቻለሁ። ሁለቱም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ልጆቻቸውን መጀመሪያ የሚያስተምሯቸው የካርታ ጨዋታዎች ናቸው። ሕጋቸው በሁለት ደቂቃ ተነግሮ ያልቃል። ችግሩ ካርታው የተሠራው ለአዋቂ መሆኑ ነው። ጥጉ ላይ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች አዋቂ ሰው ካርታውን በእጁ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሲይዝ ጫፉን ብቻ አይቶ እንዲያውቅ የተቀመጡ ናቸው። መቁጠር ለምትማር ልጅ ግን እነሱም የሚቆጠሩ ልቦች ናቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ካርታውን አዘጋጃለሁ። ትንንሾቹን ምልክቶች በነጭ ማጥፊያ ቀለም እሸፍናቸዋለሁ። ቁጥሩን አልነካውም፤ ቁጥር 4 እና አራቱ ልቦች አንድ ካርታ ላይ አብረው መታየታቸው ጥሩ ነው። ባለ አንዷ ካርታ ላይ ከቁጥር ይልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ስላለ፣ ፊደሉን አጥፍቼ 1 ብዬ እጽፍበታለሁ። ቀለሙ በጨዋታ ብዛት ይላጣል፣ አልፎ አልፎ መድገም ያስፈልጋል። ከጫማ ካርቶን ቆርጦ መሥራትም ይቻላል። ያኔ ግን ጀርባቸው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ትልቁ ልጄ ጥጉ የታጠፈውን ካርታ በጀርባው ለይቶ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

ቀጥሎ ካርታውን መቀነስ ነው። ሙሉው ካርታ 52 ነው፤ 13 ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ 4። ለጀማሪ ከ1 እስከ 5 ያሉትን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አስቀምጠዋለሁ። 20 ካርታ ይሆናል። ንጉሡና ንግሥቲቱ ከነወታደራቸው ይውጡ፤ ልጅ ቁጠሪ ብትባል አንድ ንጉሥ እንጂ አሥራ ሦስት የሚባል ነገር አታይበትም። ከ6 እስከ 10 ያሉትም ለጊዜው ይቆዩ።

ይህ መቀነስ ለመቁጠር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ስናፕን እንውሰድ። ካርታው ለሁለት ተካፍሎ በየፊታችን ተደፍቶ ይቀመጣል። እያንዳንዳችን በተራ ከላይ አንድ እየገለጥን ከፊታችን እናኖራለን። በሁለታችን ፊት የተገለጡት ካርታዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ቀድሞ "ስናፕ!" ያለ ሁለቱንም የተገለጡ ክምሮች ይወስዳል። አሁን በ52 ካርታ ስትጫወቱ የተገለጠችው ካርታ ከሌላዋ ጋር የምትገጥመው በአማካይ ከ17 ጊዜ አንዴ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ ገልጦ አንዴ መጮህ! የአራት ዓመት ልጅ እዚያ ሳትደርስ ተነስታ ትሄዳለች፣ እኛም "ትዕግሥት የላትም" እንላለን። በ20ዎቹ ካርታዎች ግን ከስድስት ጊዜ አንዴ ያህል ይገጥማል። ልጅቷ ያው ናት። የተለወጠው ካርታው ነው።

ከመጀመራችን በፊት ግን "አንድ ዓይነት" ማለት ምን ማለት እንደሆነ መስማማት አለብን። ልጄ ባለ ሦስት ልብና ባለ አምስት ልብ ተገልጠው "ስናፕ!" ስትል ሁለቱም ልብ ናቸው ማለቷ ነው። ቀዩን ከቀይ ጋር ያገጠመ ልጅም አለ። ይህ ማዛመድ ነው፣ ዓይኑ ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ሆኖ ነው እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታዎቹን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ገልጬ እዘረጋና ያለ ምንም ውድድር "ከዚህች ጋር እኩል ሥዕል ያላትን ፈልጊልኝ" እላለሁ። ጥቁሩን ባለ አራት አንስታ ከቀዩ ባለ አራት ጎን ስታስቀምጥ፣ ቀለሙን ትታ ቁጥሩን ማየት ጀምራለች ማለት ነው። ይህ ሳይሆን ወደ ስናፕ መሄድ ጭቅጭቅ መጥራት ነው።

ጥቂት ከተጫወተች በኋላ መቁጠሯን ትተዋለች። ባለ አራቷን ገና ስታያት "አራት" ትላለች። ሦስትና አራት ነገርን ሳይቆጥሩ በአንድ እይታ ማወቅ ሰው ሁሉ ያለው ችሎታ ነው፤ ካርታውም ሁልጊዜ በአንድ አቀማመጥ የተሳለ ስለሆነ ያግዛል። አራቱ በአራት ማዕዘን ናቸው፣ አምስት ደግሞ መሃሉ ላይ አንድ ሲጨመርበት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መፈተሽ እወዳለሁ። አራት ፍሬ ባቄላ እንደመጣ እበትንና "ይሄስ ስንት ነው?" እላለሁ። አይታም ይሁን ቆጥራ "አራት" ካለች ቁጥሩን ይዛዋለች። ግራ ከገባት፣ ወይም ማዕዘን ባለመሥራቱ "አይ፣ ይሄ አራት አይደለም" ካለች፣ ያወቀችው የካርታዋን ሥዕል ነው። ያኔ ባቄላውን ባለ አራት ካርታው ላይ እያንዳንዱ ልብ ላይ አንድ አንድ እያደረገች እንድታስቀምጥ፣ ከዚያ አንስታ እንድትበትነው አደርጋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ስናፕን ለማዛመድ እንጂ ለተራ መጠበቅ አልመርጠውም። መግለጡ በተራ ቢሆንም ሽልማቱ ያለው ቀድሞ በመጮኽ ነው። የሰባት ዓመት ወንድም ካለ ደግሞ ጨዋታው አልቋል፤ ትንሿ አፏን ሳትከፍት እሱ ሰብስቦ ወስዷል። ቤታችን ሕጉን ቀይረነዋል። "ስናፕ" የሚባለው በቂ አይደለም፤ ቁጥሩን መናገር ያስፈልጋል፣ "ስናፕ ሦስት!" ተብሎ። ትልቁ ደግሞ ከመናገሩ በፊት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ማድረግ አለበት። በዚህች ሰከንድ ትንሿ ትደርሳለች። ሳይገጥም የጮኸ ከክምሩ አንድ ካርታ ለሌላው ይከፍላል። አንድ ብቻ። ሙሉ ክምሩን ማስቀጣት የሚያስከትለው፣ ልጅቷ ከዚያ በኋላ ፈርታ ጭራሽ አለመጮኽ ነው። አንዷ ካርታ ግን እጇን ለመግታት ትበቃለች። ከጥቂት ዙር በኋላ ስትጀምር "ስ..." ብላ አፏን ስትይዝ ታዩዋታላችሁ። የስናፕ ዋናው ትምህርት ለእኔ እዚያች "ስ" ላይ ናት።

ተራ መጠበቅን የሚያስተምረው ጎ ፊሽ ነው። ሕጉ ይህ ነው። ሁሉም እኩል ካርታ ይታደለዋል፣ የቀረው መሃል ላይ ተደፍቶ "ኩሬ" ይሆናል። ተራው የደረሰ አንዱን ተጫዋች መርጦ "ባለ ሦስት አለህ?" ይላል። የሚጠይቀው በእጁ ያለውን ዓይነት ብቻ ነው። የተጠየቀው ካለው ይሰጣል። ከሌለው "ሂድ አጥምድ!" ይላል፣ ጠያቂው ከኩሬው አንድ ይስባል። በዋናው ሕግ አራት አንድ ዓይነት መሰብሰብ ያስፈልጋል። ለትንንሾች ጥንድ ይበቃል፤ ሁለት ባለ ሦስት ያገኘ ፊቱ ያስቀምጣል። በመጨረሻ ብዙ ጥንድ ያለው ያሸንፋል።

በዋናው ሕግ የጠየቀውን ያገኘ ሰው እንደገና ይጠይቃል። እኔ ይህን ለጀማሪ አነሳዋለሁ። አንድ ተራ አንድ ጥያቄ ነው፣ አገኘህም አላገኘህም። ምክንያቱም ለትንንሽ ልጆች ከመጠበቁ በላይ የሚከብደው ተራ መቼ እንዳለቀ ማወቅ ነው። አንዴ ሲያገኝ የሚቀጥል፣ ሲያጣ የሚያቆም ሕግ ተራው የት ላይ እንደሚቆም እንዳይታይ ያደርጋል። ልጅቷ ወንድሟ ሦስት ጊዜ ሲጠይቅ ታይና "አጭበረበረ!" ትላለች። ደግሞም የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል። እኛ አንዲት ትንሽ የአሻንጉሊት መኪና አለችን። መኪናዋ ያለችበት ሰው ብቻ ይጠይቃል። ጠይቆ ወይ ካርታ ከተቀበለ ወይ ካጠመደ በኋላ መኪናዋን በቀኙ ላለው ይነዳለታል። "ገና ተራሽ አይደለም" ማለት ቀርቶልኛል፤ "መኪናዋ የት ናት?" ማለት ይበቃል።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ አልወደደችውም። ካርታ ማለት ለእሷ ቁማር ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። "አንቺ ልጅ፣ ገና ጡት ሳይጥሉ ቁማር ልታስተምሪያቸው ነው?" አለችኝ። "ኧረ እማዬ፣ ቁጥር ነው" ብል አልሰማችኝም። ሰፈራችን ካርታ ላይ የቤት አስቤዛውን ያስበላ ሰው ስላየች አልፈርድባትም። ልጆቹ ዘንድ ገንዘብ የሚባል ነገር እንደሌለ አንድ ቅዳሜ ከቡናው አጠገብ ተቀምጣ አይታ ነው የተረጋጋችው።

አሁን አንዱን ዙር በዝርዝር ልንገራችሁ። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ትልቁና ትንሿ። 20ውን ካርታ በውዤ አራት አራት አደልኩ፣ ስምንቱ ኩሬ ሆነ። ትንሿ የደረሳት ሁለት ባለ ሁለት፣ አንድ ባለ አራትና አንድ ባለ አምስት ነው። ሁለቱን ባለ ሁለት አዛምዳ ወዲያው ፊቷ አኖረች። በእጇ አራትና አምስት ቀሩ። በነገራችን ላይ "በእጇ" ስል እጇ አይችልም። የአራት ዓመት ልጅ ካርታ ዘርግታ መያዝ አትችልም፤ ወይ ይወድቅባታል፣ ወይ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የእንቁላል ካርቶን ገልብጬ ጉብ ጉብ ያለበትን በምላጭ ሰንጥቄላታለሁ። ካርታዎቿን እዚያ ሰክታ ጀርባቸውን ወደ እኛ ታዞራለች።

መኪናዋ እሷ ጋ ናት። ወደ እኔ ዞራ "ማሚ፣ ባለ አራት አለሽ?" አለች። የለኝም። "ሂጂ አጥምጂ!" አልኳት። ከኩሬው ባለ አንድ ሳበች፣ ካርቶኑ ላይ ሰካች፣ መኪናዋን ለወንድሟ ነዳችለት። እሱ ጊዜ አላጠፋም። "ባለ አራት አለሽ?" አላት።

ፊቷ ተለወጠ። ካርታዋን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። "የለኝም" አለች።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ "አትዋሺ!" ይላል። ሁለት የተለያዩ "የለኝም" አሉ፣ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አላየሁትም ነው። ካርታው ከሌላ ካርታ ኋላ ተደብቆ ወይም ልጅቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ አይታ ነው። ይህ ከሆነ ዓይኗ በካርታዎቹ ላይ ፈጥኖ ያልፋል፣ መልሷም ቀልጠፍ ያለ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካርታዎቿን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራ እንድትሰካና ስትጠየቅ እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች እንድታልፍ ማድረግ። ሁለተኛው መስጠት አልፈልግም ነው። ይህ ዝምታ ይቀድመዋል፣ እጇም ካርታው ላይ ይሄዳል። የኔዋ ሁለተኛው ነበር። ባለ አራቷን በመዳፏ ሸፍናት ነበር።

አልተቆጣሁም። "በጎ ፊሽ የሰጡት ካርታ ይመለሳል" የሚል ሌላ ሕግም አልፈጠርኩም፣ ምክንያቱም አይመለስም። ያደረግኩት አንድ ዙር ካርታ ሁሉ ተገልጦ መጫወት ነው። ሁሉም ሰው የሁሉንም ያያል፣ "የለኝም" ማለት ትርጉም የለውም። ስትሰጥ ታጣለች፣ በሚቀጥለው ተራ ግን እሷ ከሌላው ትወስዳለች። መስጠትና መውሰዱ በሁሉም ላይ ሲዞር ዓይኗ እያየ ነው። ከዚያ ወደ ድብቁ እንመለሳለን። ገና ካርታዋን ለሰው ሁሉ "ተመልከቱ፣ አምስት አለኝ!" እያለች የምታሳይ ልጅ ካለች ደግሞ በግልጽ መጫወቱ ላይ ትቆይ። እሷ የምታውቀውን ሌላው ላያውቅ እንደሚችል ገና አልገባትም፤ ይህ በአብዛኛው አራት ዓመት አካባቢ የሚመጣ ነገር ነው።

መቁጠሩስ? ጥንድ በሚሰበሰብበት ጎ ፊሽ ላይ ልጅቷ ከቁጥር ይልቅ ቅርጽ እያዛመደች ልታመልጥ ትችላለች። ስለዚህ እየለመደች ስትሄድ ወደ አራት መሰብሰቡ እንሸጋገራለን፣ ጥያቄውም ትንሽ ይለወጣል። የተጠየቀው "አለኝ" ብሎ ብቻ አይሰጥም፤ "ሁለት አለኝ" ብሎ ስንት እንዳለው ይናገራል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ቆጥሮ ይሰጣል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠርና "ሦስት ስጪኝ" ሲባል ሦስት አንስቶ መስጠት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። እስከ አሥር በአንድ ትንፋሽ የምትቆጥር ልጅ ሦስት ስትባል በእጇ የያዘችውን ሁሉ ዘግና ልትሰጥ ትችላለች። የልጆችን ቁጥር ያጠናችው ካረን ዊን በ1990 ይህንኑ ነው ያሳየችው፦ ልጆች መጀመሪያ አንድን፣ ከጊዜ በኋላ ሁለትን፣ ከዚያ ሦስትን በትክክል መስጠት ይለምዳሉ፣ ቆይተው ደግሞ የመጨረሻው የተቆጠረው ቃል የሁሉም ብዛት መሆኑ ይገባቸዋል። መለያው ቀላል ነው። ልጄ ሦስቱን ካርታ ቆጥራ ስትጨርስ "እና ስንት ሆኑ?" እላታለሁ። "ሦስት" ካለች ገብቷታል። እንደገና "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላ ከጀመረች "ስንት" የሚለው ጥያቄ ለእሷ "ቁጠሪ" ማለት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቆጠራ ላይም ጠብ አለ። ትልቁ ጥንዶቹን አነባብሮ ያስቀምጣል፣ ትንሿ ግን ምንጣፉ ላይ በትናቸው ግማሹን ቦታ ትይዛለች። ከዚያ "እኔ በለጥኩ!" ትላለች። የሰፋ ነገር ለእሷ የበዛ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። "ቁጠሪና እይ" ማለት ብዙም አያሳምናትም። የሚያሳምናት ፊት ለፊት መደርደር ነው። የእሷን ጥንዶች በአንድ ረድፍ፣ የእሱን በትይዩ፣ ጥንድ በጥንድ ትይዩ ሆኖ። አጣማጅ ያጣው ያለበት ረድፍ በለጠ። ባለፈው ትልቁ በአንድ ጥንድ ነበር ያሸነፈው፣ ያቺን ብቸኛ ጥንድ ራሷ በጣቷ ነክታ "ይቺ ናት ያበለጠችው" አለች። ከዚያ በኋላ መቁጠር ይመጣል፦ ስንት ጥንድ፣ ስንት ካርታ። አራት ጥንድ ስምንት ካርታ መሆኑ አሁንም ለእሷ ትንሽ ማታለል ይመስላታል።

ስድስትን መቼ እንጨምር? ባለ አምስቷን ሳትቆጥር ማወቅ ስትጀምር። ስድስት በካርታ ላይ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ስለሆነች ብዙ አታስቸግርም። የምታስቸግረው ሰባት ናት፤ ስድስት ላይ በሁለቱ ረድፎች መሃል አንዲት ስለምትጨመርና ዓይን ስለሚዘላት ከስድስት ጋር ትምታታለች። እሷን ያስገባሁ ቀን ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ "ልዩነቷ የት ናት?" ብዬ አስፈልጋታለሁ።

ትንሿ አሁን የደረሰችበት ደግሞ ያልጠበቅኩት ነው። ወንድሟ ባለ አራቷን የወሰደባት ቀን "እንዴት አወቅህ?" ብላ ተቆጥታ ነበር። እሱም በኩራት "ማሚን ስትጠይቂ ሰማሁሽ!" አላት። የጠየቀ ሰው ያ ካርታ በእጁ አለ፤ ሕጉ ራሱ ይናገርበታል። ይህን ለማስረዳት ስናገር ብውል አይገባትም ነበር፣ ስትዘረፍ ግን ገባት። አሁን ሰው ሲጠይቅ ጆሮዋን ታቆማለች። መኪናዋ ስትደርሳት ወንድሟን ትታ እናቴን ነው የምትጠይቀው፣ እናቴ ካርታዋን ጭኗ ላይ ገልጣ ስለምታስቀምጥ። አዎ፣ እናቴም ትጫወታለች። "እማማ፣ ባለ ሦስት አለሽ?" ትላታለች የልብ ልብ ተሰምቷት። እናቴም "አንቺ ቀማኛ!" እያለች ትሰጣታለች።